አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው

ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ከታክሲ ወርዶ ትንሽ በእግሩ የሄደ ሰው ፎቶ ኮፒና ጥረዛ ቤቶቹን ሳያይ አያልፍም። ሆስፒታሉ በሚሊኒየሙ ዋዜማ የሕክምና ኮሌጅ ከሆነ ወዲህ በነርስ፣ በሐኪምና በጤና ባለሙያ እጅ የሚጻፍ የመመረቂያ ወረቀት በዝቷል። በሰኔ ወር ሰዉ ፍላሹን ይዞ ይሰለፋል። እኔ ደግሞ ከዚያው ሰፈር አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ረቂቅ ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት አለፉ።

ከእነዚህ ረቂቆች አንዱን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ጸሐፊዋ ስታትስቲክስ የተማረች ወጣት ናት። ሥራ ያገኘችው የነፍሰ ጡሮችን ደም ማነስ በሚያጠና ቡድን ውስጥ ስለሆነ ከቁጥር ወደ ደም ተሻግራለች ማለት ነው። መግቢያውን እንድትጽፍ ታዝዛ የመጀመሪያውን አንቀጽ አመጣችልኝ። አምስት ዓረፍተ ነገር ነበር። ደም ኦክስጅን ከሳንባ ወደ ሰውነት ያደርሳል። የነፍሰ ጡር ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር ከ11 ግራም ካነሰ ደም ማነስ አለባት ይባላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ላይ ስለምትገኝ ልኬቱ ይስተካከላል። በኢትዮጵያ ከመውለጃ ዕድሜ ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ አለባቸው። ጤፍ በብረት ማዕድን የበለጸገ በመሆኑ እንጀራ የሚበላ ሰው ከደም ማነስ የተሻለ ጥበቃ አለው።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሦስት ዋቢ ተደርድሮለታል። የቀሩት አራቱ ምንም የላቸውም።

«ለምን?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ሌላውንማ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ቢሮው ውስጥ ስገባ ስወጣ የምሰማው እሱን ነው።»

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ለአዲስ ገቢ ሰው የተማረው ነገር ሁሉ አዲስ ስለሚሆንበት ከመጽሐፍ ላገኘው ነገር ዋቢ ይከምራል። በዙሪያው ሲነገር ውሎ ሲነገር የሚያድረውን ግን አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው ብሎ እርቃኑን ይተወዋል። እርስዋ በአምስት ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ ገልብጣዋለች። ደም ኦክስጅን እንደሚያደርስ ስምንተኛ ክፍል የተማረ ያውቃል። ይህን ለማስረዳት ሦስት ዋቢ የጠራ ጸሐፊ፣ ለአንባቢው የነገረው የገዛ ራሱን እንግድነት ብቻ ነው። ዋቢ የሚያሻው ሌላው ነበር።

ከሁለተኛው እንጀምር፤ ጓዙ የበዛው እሱ ነውና።

11 ግራም የሚለው ቁጥር በቅድመ ወሊድ ክትትል ክፍሎች በየቀኑ የሚነገር ነው። የምታውቃት አንዲት ሲስተር ነበረች፤ ሄዳ ጠየቀቻት። «አስራ አንድ ነዋ፣ ይሄ ምን ጥያቄ አለው» አለቻት። ከዚያ አንድ የግል ላቦራቶሪ የሚሠራ ባለሙያ ጠየቀች። እሱ ከማሽኑ የወጣ ወረቀት አሳያት፤ ከውጤቱ ጎን የታተመው የሴት መነሻ 12 ነው። ሁለቱም አልዋሹም። ወረቀቱ ላይ ያለው ላላረገዘች ሴት የሚሆን ነው። በእርግዝና ጊዜ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ከቀይ ሕዋሱ ይልቅ ስለሚበዛ ደሙ ይቀጥናል፤ መለኪያውም አብሮ ይወርዳል። ነገር ግን እርስዋ ከዚህ ያገኘችው ከሥነ ሕይወቱ የበለጠ ነገር ነው። አንድ ነገር «ሁሉም ሰው ያውቀዋል» ሲባል፣ ያንን ነገር በእጃቸው የሚሠሩ ሁለት ሰዎችን ለየብቻቸው መጠየቅ ነው። ሁለቱ ያለማመንታት አንድ ነገር ካሉ ዓረፍተ ነገሩ ዋቢ ላያስፈልገው ይችላል። መልሳቸው ከተለያየ ግን፣ ልዩነቱ የተፈጠረበት ቦታ ዋቢው መግባት ያለበት ቦታ ነው። ደም ኦክስጅን ያደርሳል ወይ ብላ ሁለቱንም ብትጠይቃቸው ኖሮ ይስቁባት ነበር። ያ ሳቅም መልስ ነው።

ብዙ የአጻጻፍ መመሪያዎች አንድ ነገር አምስት ታማኝ ጽሑፎች ላይ ያለ ዋቢ ሰፍሮ ከተገኘ የጋራ ዕውቀት ነው ይላሉ። ለታሪክ ወይም ለጂኦግራፊ ተማሪ መጥፎ ምክር አይደለም። ለአዲስ መስክ ግን ያሳስታል። 11 ግራም ያለ ዋቢ የተጻፈበትን ጽሑፍ አምስት ብትፈልጉ ሃምሳ ታገኛላችሁ። ብዙዎቹም ከጓደኛቸው የመመረቂያ ወረቀት የቀዱት ናቸው። አምስት ሰው ከአንድ ሰው ሰምቶ ቢመሰክር ምስክሩ ያው አንድ ሰው ነው። የድሮ ችሎት ላይ የቆመ ሽማግሌ «አየህ ወይስ ሰማህ?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነበር።

ስለዚህ ቁጥሩን ወደ ኋላ እንድትከተለው ነገርኳት። በእጇ ያለው ወረቀት የጠቀሰውን አወጣች፤ ያ ወረቀት ሌላ ወረቀት ይጠቅሳል፤ ያም ሌላ። አራተኛው ላይ ስትደርስ ምንጩ ተገኘ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው ስለ አመጋገብ ወለድ ደም ማነስ የሚያትት ሪፖርት ነው። ለነፍሰ ጡር 11፣ ላላረገዘች ሴት 12፣ ለወንድ 13 የሚለው ከዚያ የመጣ ነው። ይህን ማወቅ የዓረፍተ ነገሩን ጠባይ ይለውጠዋል። 11 ግራም ከሰው ደም ውስጥ ተቆፍሮ የወጣ ነገር መስሏት ነበር። ሰዎች ተሰብስበው የወሰኑት ድንበር ሆኖ ተገኘ። ሰው የወሰነውን ሰው ሊቀይረው ይችላል። እንዲህ ላለ ነገር የወሰነውን አካልና ዓመቱን መጥራት ግድ ነው፤ ያለዚያ አንባቢው በየትኛው ድንበር እንደተለካ አያውቅም።

ተቀይሯልም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2024 አዲስ መመሪያ አውጥቷል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሦስት ወር 11 እንዳለ ቆየ፤ በመካከለኛው ሦስት ወር ግን ወደ 10.5 ወረደ። የከፍታው ማስተካከያም ተለወጠ። በከፍተኛ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ብዙ ሄሞግሎቢን ይሠራል። ስለዚህ ደጋ ላይ የተለካ ቁጥር ከቆላው ጋር እንዲወዳደር የተወሰነ ነገር ይቀነስለታል። ቀድሞ በ2,000 ሜትር የሚቀነሰው 0.8 ግራም ነበር። በአዲሱ መመሪያ ከ2,000 እስከ 2,499 ሜትር ለሚኖር ሰው 1.4 ይቀነሳል።

ይህ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። አንዲት ሴት ላይ አድርገን እንየው። ስምንተኛ ወሯ ነው፣ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፣ ማሽኑ 12.0 አወጣላት እንበል። ከፍታውን ረስተን ብንፈርድ 12.0 ከ11 ይበልጣል፤ ደህና ናት። በቀድሞው ማስተካከያ 0.8 ስንቀንስ 11.2 ይሆናል፤ አሁንም ለጥቂት ደህና ናት። በአዲሱ 1.4 ስንቀንስ 10.6 ነው፤ ደም ማነስ አለባት። ያቺው ሴት በአምስተኛ ወሯ ቢሆን ኖሮ ደግሞ መለኪያው 10.5 ስለሆነ 10.6 ያሳልፋታል። ደሟ አንድ፣ ማሽኑ አንድ፣ ፍርዱ ግን ሁለት ነው። «ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው» ብሎ ዝም ያለ ጸሐፊ ከእነዚህ የቱን እንደተጠቀመ አልነገረንም። ጥናቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሦስትና አራት መቶ ሲሆኑ ስንቶቹ በ11 እና በ12.5 መካከል እንደሚወድቁ አስቡት። በዚህች አንዲት ያልተጠራች ዋቢ ምክንያት የጥናቱ ዋና ውጤት ሊገለበጥ ይችላል።

እርስዋ ይህን ስትሰማ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ የቱ ነው ትክክሉ?» አለች። የስታትስቲክስ ሰው ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ የእኛው አገር ነገር ይመጣል። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ሰብ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር፣ በሰሜን ተራሮች አምባራስ በተባለ ቦታ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምራ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትማለች። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም ነበር። በዚያ ከፍታ አንዲስ ተራሮች ላይ የሚኖሩ ሰዎች ከዚህ እጅግ ይበልጣሉ። የአምባራስ ሰዎች ግን ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም አይርቁም። እንግዲህ የእኛ ደገኛ ደም እንደ ሌላው የማይጨምር ከሆነ ያን ያህል መቀነስ ይገባል ወይ? ጥያቄው ክፍት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ዋቢ እንደሚያስፈልገው ከሚያሳዩ ምልክቶች ሁሉ የማይስተው ይህ ነው፤ በመስኩ ውስጥ ያሉ አዋቂዎች አሁንም የሚከራከሩበት ከሆነ። አዲስ ገቢ ክርክሩን በጆሮው ላይሰማው ይችላል፤ ሰው ቢሮ ውስጥ የሚያወራው የተስማማበትን ነውና። ክርክሩ የሚገኘው በጽሑፍ ነው፤ ያውም ከውጤቱ ኋላ በሚመጣው የውይይት ክፍል ውስጥ «ይሁን እንጂ» ከሚለው ቃል በኋላ።

24 በመቶው ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ቁጥሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ከተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። ያው ጥናት በ2011 ሲካሄድ 17፣ በ2005 ሲካሄድ 27 አግኝቷል። ሦስቱም «በኢትዮጵያ» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ። መቶኛ ያለበት ዓረፍተ ነገር ያለ ዓመት ያለ ምንጭ ከተጻፈ ማን መቼ እንደቆጠረ አይታወቅም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ያ ጥናት ሄሞግሎቢኑን በከፍታ አስተካክሎ ነው የሚያወጣው፤ የተጠቀመውም የቀድሞውን ማስተካከያ ነው። በራሷ ሴቶች ላይ አዲሱን ተጠቅማ ከ24 ጋር ብታወዳድር ሁለት የተለያዩ ሚዛኖች ላይ የተመዘነ እህል አወዳደረች ማለት ነው። ዋቢውን ፈልጎ ያገኘ ሰው ይህን ያያል፤ ቁጥሩን ከአየር ላይ የያዘ አያይም።

አምስተኛው ዓረፍተ ነገር፣ ጤፍ፣ ሌላ ዓይነት ነው። ይህ ከቢሮም ከክሊኒክም የመጣ አይደለም፤ ከቤት የመጣ ነው። ጤፍ ብረት እንዳለው የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። እኔም አውቀዋለሁ። ቀይ ሥር ደም ይሠራል እንደሚባለው ሁሉ ከእናት ጓዳ የተቀበልነው ነው። እንዲህ ያለውን ዕውቀት ሳይንስ ውስጥ ለማስገባት የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ ሊወስን የሚገባው የቱን ሊል እንደፈለገ ነው። «ሰዎች ቀይ ሥር ደም ይሠራል ብለው ያምናሉ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ለአገሬው አንባቢ ዋቢ አያስፈልገውም፣ ለውጭ አንባቢ ያስፈልገዋል። «ቀይ ሥር ደም ይሠራል» ማለት ሌላ ነው፤ ለማንም ቢሆን ያስፈልገዋል። ካልዲና ፍየሎቹም እንደዚያው ናቸው። ተረቱ መነገሩን አገር ያውቃል፤ መሆኑን ግን ማንም አላየም።

ወደ ጤፉ እንመለስ። ወደ ምንጩ ለመሄድ ብዙ መንገድ አላስፈለጋትም። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እዚያው ጉለሌ፣ የሆስፒታሉ ጎረቤት ነው። የአገራችንን ምግቦች ይዘት የሚያሳየው ሰንጠረዥ የወጣውም ከዚያ ቤት ነው፤ ያኔ ስሙ ሌላ ነበር። የጤፍ ብረት በተለያዩ ጥናቶች ከመቶ ግራም ውስጥ ከ10 ሚሊ ግራም በታች ተብሎም ከ150 በላይ ተብሎም ተለክቷል። ከአስር እስከ መቶ ሃምሳ! ይህን የሚያህል ልዩነት ያየ የስታትስቲክስ ሰው ወዲያው የሚጠረጥረው መለኪያውን ነው። ጥርጣሬዋም ልክ ነበር። ጤፍ ቅንጣቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ በባህላዊው መንገድ የሚወቃውም አውድማ ላይ፣ በበሬ እግር ሥር ነው። የአውድማው አፈር ብረት አለው። ከጤፉ ጋር የሚቀረው አቧራ ላቦራቶሪ ሲገባ እንደ ጤፍ ብረት ይቆጠራል። ጤፉ በደንብ ታጥቦ ሲለካ ቁጥሩ ብዙ ይወርዳል። በላዩ ላይ ደግሞ እህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ነገር ብረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ የሊጡ መቡካት የተወሰነውን ይፈታል እንጂ ሁሉንም አይደለም። እንግዲህ «ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው» ከሚለው እስከ «እንጀራ የሚበላ ሰው ጥበቃ አለው» እስከሚለው ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው። የማን ብረት? የእህሉ ወይስ የአፈሩ? ከገባው ውስጥስ ሰውነት የሚወስደው ስንቱን ነው? እርስዋ «በመሆኑ» በምትል አንዲት ቃል ይህን ሁሉ ዘላዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ልምድ ልናገር። ብዙ ረቂቅ ሳነብ ዋቢ የጎደለበትን ቦታ የማገኘው ከቁጥሮቹ ይልቅ «ስለሆነ»፣ «በመሆኑ»፣ «በዚህም ምክንያት» ከሚሉት ቃላት አጠገብ ነው። ሰው ለቁጥር ዋቢ እንደሚያስፈልግ ቶሎ ይለምዳል፤ ሁለት የታወቁ ነገሮችን ያገናኘበትን ገመድ ግን የራሱ ስለሚመስለው አይፈትሸውም። ጤፍ ይታወቃል፣ ደም ማነስም ይታወቃል። አንደኛው ሁለተኛውን መከላከሉ ግን ሦስተኛ ነገር ነው፤ ለብቻው ምስክር ያስፈልገዋል።

ከሳምንት በኋላ የታረመውን ይዛ መጣች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ዋቢዎቹን ሁሉ አራግፏል። ሁለተኛው የ2024ቱን መመሪያ በስም ጠርቶ በየሦስት ወሩ ያለውን ድንበር ለያይቷል፤ ውጤቱም በአዲሱና በቀድሞው ማስተካከያ ሁለት ጊዜ ተሠርቶ ጎን ለጎን እንደሚቀርብ ይናገራል። የአምባራሱ ጥናት ከኋላው ገብቷል። 24 በመቶው ዓመቱን ይዟል። የጤፉ ዓረፍተ ነገር ወጥቶ በምትኩ፣ በጤፍ ውስጥ የተለካው የብረት መጠን ከጥናት ጥናት እጅግ እንደሚለያይና አንዱ ምክንያት የአውድማ አፈር መሆኑን የሚገልጽ አንድ ጥንቁቅ ዓረፍተ ነገር ከነዋቢው ቆሟል። ስለ ጥበቃው ምንም አይልም። ወድጄዋለሁ።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዳለ ነበር፤ አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ትገኛለች። «ይሄ እንኳን ጂኦግራፊ ነው፣ ማንም ያውቀዋል» አለች፤ እኔም ያን ቀን አለፍኩት። አማካሪዋ ግን አላለፉም። ረቂቁን ሲመልሱላት ቀይ እስክሪብቶ የነካው ያንን ቁጥር ብቻ ነበር። አክብበውት ከጎኑ «የየትኛዋ ሴት?» ብለው ጽፈውበታል።

ከተማችን ከአቃቂ እስከ እንጦጦ ሲወጣ ከ2,100 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ 3,000 ያልፋል። በአዲሱ መመሪያ 2,500 ሜትር ላይ ሌላ ረድፍ ይጀምራል፤ የሚቀነሰው 1.8 ነው። ማስተካከያው የሚሠራው ደሙ በተቀዳበት ሆስፒታል ከፍታ ሳይሆን ሴትየዋ በምትኖርበት ነው። ለክትትል የሚመጡት ደግሞ ከቆላም ከደጋም ነው። መጠይቋን ገልጣ አየችው፤ ዕድሜ አለ፣ የትምህርት ደረጃ አለ፣ የወር ገቢ አለ። የመኖሪያ ቀበሌ የሚል መስመር አልነበረም።